መስታወቱ ላይ የቆመው ሰው

የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት የፈለገ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ግንባሩን ወደ መስታወቱ ያስጠጋል፤ ሁለት መዳፎቹን በዓይኖቹ ግራና ቀኝ ያቆማል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ መኪናና ሰማይ ብቻ ይታይበት የነበረው መስታወት ያን ጊዜ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። መደርደሪያው፣ ወንበሩ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀሚስ ሁሉ ይታየዋል። መዳፎቹ ለሱቁ ብርሃን አልጨመሩለትም። ከመንገዱ የሚመጣውን ብርሃን ከለከሉ እንጂ።

ከሱቅ መስኮት ፎቶ ላይ የሰው ነጸብራቅ ማጥፋት የፈለገ ፎቶ አንሺም ሥራው ይኸው ነው። ብዙዎች ግን ሌላ መንገድ ይይዛሉ። ነጸብራቁን ልብስ ላይ እንደ ፈሰሰ እድፍ ቆጥረው፣ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍተው፣ ከጎኑ ካለው ቦታ እየገለበጡ ይለጥፉበታል። ሰውየው ይጠፋል። ከእሱ ጋር ግን ከመስታወቱ በስተጀርባ የነበረው ዕቃም አብሮ ይጠፋል፤ በቦታው የቀረው ከጎረቤት የተገለበጠ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ጉዳት ቀላል የማይሆንበት ጊዜ አለ። የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥበትን ሱቅ እንውሰድ። መስኮቱ ላይ በአሻንጉሊት የቆመው ቀሚስ ዋጋው ያለው ጥለቱ ላይ ነው። ፎቶውን በስልኳ አይታ ቀሚሱን የምታዝ ሴት፣ አዲስ አበባም ትኑር ዋሽንግተን፣ የምትመርጠው ያንኑ ጥለት ነው። ፎቶ አንሺው የራሱን ምስል ሲያጠፋ የደረቱን ጥለት ከእጅጌው ገልብጦ ከሞላው፣ እሷ ያየችው ቀሚስ ሱቁ ውስጥ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ የሚያስፈልገው ነጸብራቁ ፎቶው ውስጥ እንዴት እንደገባ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ሁሉም አያልፍም። ፊት ለፊት ሲመታው ከመቶው 4 ያህሉ ከመጀመሪያው ገጽ ይመለሳል፤ መስታወቱ ሁለት ገጽ ስላለው ከኋለኛውም ገጽ ሌላ 4 ያህል ይመለሳል። ድምሩ 8 ከመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲታይ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ጠራ ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ መንገዱ 100,000 ሉክስ ያህል ብርሃን ሲያገኝ፣ በደንብ የበራ ሱቅ የሚያገኘው 500 ገደማ ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ፀሐዩ ላይ ቢቆም፣ ከሸሚዙ ብርሃን 8 ከመቶው ብቻ ተመልሶ፣ ሱቁ ውስጥ ከተሰቀለው ነጭ ነጠላ በ16 እጥፍ ይበልጣል። ሰውየው ጥላ ውስጥ ቆሞ 10,000 ሉክስ ብቻ ቢያገኝ እንኳ ሸሚዙ ከነጠላው ይበልጣል።

ካሜራው እነዚህን ሁለት ብርሃኖች ለይቶ አያያቸውም። እያንዳንዷ ነጥብ ላይ ከውስጥ የመጣውና ከውጭ ተንጸባርቆ የመጣው ይደመራሉ፤ የሚመዘገበው ድምሩ ነው። የሸሚዙ ብርሃን የነጠላውን ብርሃን አልነካውም፤ በላዩ ተጨመረበት እንጂ። ነጸብራቅ ብርሃን ይጨምራል፤ አይቀንስም። ከዚህ በኋላ ያለው ዘዴ ሁሉ የሚቆመው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

አሁን አንድ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ምስሉን አስተውሎ ይመልከት። ፊቱና ነጭ ሸሚዙ ያረፉበት ቦታ ላይ ውስጡ ያለው ዕቃ በነጭ መጋረጃ እንደተሸፈነ ሆኖ ይደበዝዛል። ጥቁር ሱሪው ያረፈበት ቦታ ላይ ግን ዕቃው ከዙሪያው ሁሉ በላይ ጠርቶ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥቁሩ ሱሪ ከኋላው ያለውን ብሩህ መንገድ ይሸፍናል፤ ራሱ ደግሞ የሚመልሰው ብርሃን ኢምንት ነው። የአንድ ሰው ነጸብራቅ ከሁለት ተቃራኒ ነገሮች የተሠራ ነው ማለት ነው፤ አንዱ ክፍል ውስጡን ይሸፍናል፣ ሌላው ይገልጣል።

ይህን ያላስተዋለ ፎቶ አንሺ ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። የራሱን ምስል ለማስቀረት ካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያደርግና፣ ሰዓት ቆጣሪውን ሞልቶ ከመስኮቱ ፊት ዘወር ይላል። ሰውየው ከፎቶው ጠፍቷል። ነገር ግን ሱሪው ጠርቶ ያሳየው የነበረው ቀሚስ አሁን በመንገዱ ማዶ ሕንፃ ምስል ተሸፍኗል። ሰውን ማንሳትና ትዕይንቱን ማዳን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከመጀመሪያው መወሰን ያለበት፣ የሚፈለገው ሰውየው እንዲጠፋና የመንገዱ ነጸብራቅ እንዲቀር ነው ወይስ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ እንዲጠራ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ነውር የለበትም። ፈረንሳዊው ኧዤን አትዤ በ1920ዎቹ የፓሪስን ሱቆች መስኮት ሲያነሳ፣ ከልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹ ጋር ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሕንፃዎችና ዛፎች በመስታወቱ ላይ ተደርበው ይታያሉ። እነዚያ ምስሎች ዛሬ የሚፈለጉት ለዚያው ድርብርብነታቸው ነው። ዓላማው የመንገዱን ሕይወት ማሳየት ከሆነ፣ የሚያስቸግረው ካሜራ ይዞ መሃል ላይ የተገተረው ሰው ብቻ ነው።

እሱን ለማስወገድ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መላ አለ። ካሜራው የራሱን ምስል የሚያየው መስታወቱን ቀጥ ብሎ በሚመታው መስመር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ከሚፈልገው መስኮት ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይላል፤ ካሜራውን ግን ወደ መስኮቱ አያዞርም። ከመስታወቱ ጋር ትይዩ እንደሆነ ይተወዋል። ሰፋ አድርጎ ሲያነሳ የሚፈልገው መስኮት በፎቶው ግራ ግማሽ ላይ ያርፋል፤ የራሱ ምስል መሃል ላይ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ ውጭ ይቀራል። ቀኙን ግማሽ ቆርጦ ሲጥለው ሰውየው አብሮ ይሄዳል። ካሜራው ስላልዞረ የመስኮቱ ማዕዘኖች አይጣመሙም፤ መደርደሪያዎቹም ቀጥ እንዳሉ ናቸው። የሕንፃ ፎቶ አንሺዎች ይህንኑ በውድ ተንሸራታች ሌንስ ይሠሩታል። በቆረጣ የሚሠራው ሰው የሚከፍለው የፎቶውን ግማሽ ፒክስል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግን ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ ነው። የዚህ ማጣሪያ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከመስኮት ነጸብራቅ ነው። በ1808 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤትየን ሉዊ ማሉስ፣ ፓሪስ በሚገኘው በሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ የምትጠልቀውን ፀሐይ ነጸብራቅ በካልሳይት ድንጋይ አሻግሮ ተመለከተ። ድንጋዩ ነገሮችን ድርብ አድርጎ የሚያሳይ ነው። ማሉስ ድንጋዩን ሲያዞረው ከሁለቱ ምስሎች አንዱ እየደመቀ ሌላው እየደበዘዘ ሄደ። ከመስታወት የተመለሰ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ መርገብገብ እንደሚያደላ የታወቀው እንዲህ ነው። በ1815 ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር፣ ይህ ነገር ፍጹም የሚሆንበት ማዕዘን በየቁሱ እንደሚለያይ አሳየ። ለመስታወት ከቀጥታው መስመር 56 ዲግሪ ገደማ ነው።

ማጣሪያው የሚጠቅመውም የሚያሳፍረውም በዚሁ ማዕዘን ምክንያት ነው። ፎቶ አንሺው ከጎን ሆኖ፣ ከመስታወቱ ገጽ 35 ዲግሪ ገደማ ርቆ ሲያነሳ፣ ማጣሪያውን እያዞረ ሲመለከት በዚያ አቅጣጫ የሚያልፍ ሰው ነጸብራቅ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋለት ይችላል። የራሱ ነጸብራቅ ግን የሚታየው ፊት ለፊት ነው። ፊት ለፊት የተመለሰ ብርሃን ደግሞ በአንድ አቅጣጫ አይሰለፍም፤ ማጣሪያው የሚይዘው ነገር የለውም። መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ማጣሪያውን ሲያዞር የሚውል ሰው የሚያገኘው የጨለመ ፎቶ ነው፤ እሱም ከነምስሉ እዚያው አለ።

ሁለተኛው ምርጫ፣ ማለትም መስታወቱን ፊት ለፊት ሙሉ በሙሉ ማጥራት፣ የሚሳካው በጥቁር ጨርቅ ነው። የጥቁር ሱሪው ነገር እዚህ ላይ መሣሪያ ይሆናል።

አንድ መስኮት በቁጥር እንከተል። መስታወቱ 2 ሜትር ይሰፋል፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ነው፤ የታችኛው ጠርዝ ከእግረኛ መንገዱ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ካሜራው ከመስታወቱ 2 ሜትር ርቆ፣ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ የመስኮቱ መሃል ትይዩ ቆሟል። መስታወቱ ላይ የሚንጸባረቀው ምን ያህል ቦታ ነው? ብርሃኑ ከካሜራው ወደ መስታወቱ ያለውን መንገድ ያህል ተመልሶ ስለሚሄድ፣ ካሜራው በቆመበት መስመር ላይ ሲለካ ስፋቱ እጥፍ ይሆናል፤ 4 ሜትር ወርድና 2.4 ሜትር ቁመት። ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ በጥቁር ጨርቅ መሸፈን ትልቅ ድንኳን እንደመትከል ያለ ሥራ ነው፤ የእግረኛ መንገድም ይዘጋል።

በአንድ ጊዜ መሸፈን ግን አያስፈልግም። 1.5 ሜትር ወርድና 2.4 ሜትር ቁመት ያለው ጥቁር ጨርቅ ረጅም እንጨት ላይ ተሰቅሎ፣ ሁለት ሰው ከበስተኋላው ሆኖ ይይዘዋል። ካሜራው ማቆሚያው ላይ ነው፤ ከሌንሱ ቀዳዳ በቀር እሱም በጥቁር ተጠቅልሏል። ጨርቁ ከካሜራው ጀርባ ተጠግቶ በመጀመሪያ ግራው ዳር ላይ ይቆማል፤ አንድ ፎቶ ይነሳል። ወደ ቀኝ አንድ ሜትር ያህል ይገፋል፤ ሁለተኛ ፎቶ። እንዲህ እያለ በአራት ፎቶ አራቱ ሜትር ያልቃል፤ እያንዳንዱ ቦታ ከጎረቤቱ ጋር የሚደራረብበት ትርፍም ይኖራል። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንድ የጠራ ቋሚ ሰቅ አለ፤ ሌላው ሁሉ መንገድና ነጸብራቅ ነው።

ጨርቁ የማያብለጨልጭ መሆን አለበት። ሳቲን ጥቁር ቢሆንም ሰማዩን መልሶ ይልካል። ጥቁር ከፋይ ከሁሉ ይሻላል፤ ተራ ጥቁር ጥጥም ይሠራል፣ ከሚያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው ጥቂት ነውና። ከዚያች ጥቂት ደግሞ መስታወቱ የሚመልሰው 8 ከመቶውን ብቻ ነው።

አራቱን ፎቶዎች ወደ አንድ ማምጣት ቀላሉ ክፍል ነው። ነጸብራቅ ብርሃን ብቻ ስለሚጨምር፣ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ከአራቱ ፎቶዎች ጨለም ያለችው ለእውነቱ የቀረበችው ናት። አራቱን በሌየር መደርደርና ከታችኛው በቀር የሦስቱን የመደረቢያ ዘዴ በጂምፕ `Darken only`፣ በፎቶሾፕ `Darken` ማድረግ በቂ ነው። ፕሮግራሙ ነጥብ በነጥብ እያወዳደረ ዝቅተኛውን ያስቀራል። በመሃል ያለፈው መኪና፣ ቆም ብሎ ያየው ልጅ፣ የሰማዩ ንጣት፣ ከአራቱ በአንዱ እንኳ ጨርቁ ከሸፈናቸው ይወድቃሉ። ማንም ሰው ምንም ነገር በብሩሽ አልቀባም። የቀረው እያንዳንዱ ፒክስል ካሜራው ያየው ነው።

ይህ ዘዴ የሚበላሸው ደግሞ በዚያው በጠንካራ ጎኑ በኩል ነው። ፕሮግራሙ ጨለማ ሁሉ እውነት ይመስለዋል። ከአራቱ ፎቶዎች በአንዱ ላይ ሻጯ በጥቁር ሹራብ መደርደሪያው ፊት ብታልፍ፣ ሹራቧ ተመርጦ ይቀራል፤ ጭንቅላት የሌለው ጥቁር ቅርጽ ሆና ትገኛለች። አንዱ ፎቶ ሲነሳ ደመና ፀሐይዋን ቢሸፍን ያ ፎቶ በሙሉ ስለጨለመ በሁሉም ቦታ ይመረጣል፣ ከነነጸብራቁ። ለዚህ ነው ኤክስፖዠሩ፣ ፎከሱና የቀለም ሚዛኑ በእጅ ተሞልተው፣ አራቱም ፎቶዎች ቶሎ ቶሎ የሚነሱት።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን የጨርቁ ጥላ ነው። የመስኮቱ ፊት ላይ ያሉት ዕቃዎች የሚበሩት በሱቁ አምፖል ብቻ አይደለም፤ ከመንገዱ የሚገባው ብርሃንም ይደርሳቸዋል። ጨርቁ ያንን ሲከልል ዕቃው ላይ ጥላ ይጥላል፤ `Darken` ጥላውንም እንደ እውነት ይወስደዋል። ይህን ለማወቅ ዓይን መሄድ ያለበት ወደ መስኮቱ ወለል ነው። ዕቃዎቹ በቆሙበት ሰሌዳ ላይ ብርሃኑ በአራት ቦታ ደብዘዝና ደመቅ እያለ ሞገድ ከሠራ፣ ጥላ ገብቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ጨርቁን ከመስታወቱ ማራቅና ፀሐይ ወደ መስኮቱ በቀጥታ በማትገባበት ሰዓት መሥራት ነው። ጨርቁ በራቀ ቁጥር መሸፈን ያለበት ስፋት ስለሚጨምር የፎቶዎቹ ቁጥርም አብሮ ይጨምራል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ መስኮቱ ፊት ላይ ሆኖ የሚሠራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ፎቶው ተነስቷል፣ አንድ ብቻ ነው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰው ቀሚሱ ደረት ላይ ቆሟል፣ መስኮቱም ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል።

እዚህም ላይ የሚያዋጣው የተጨመረውን መቀነስ ነው። የካሜራውን ሙሉ አቅም 100 ብለን እንነሳ። የቀሚሱ ነጭ ጨርቅ ራሱ የሚልከው ብርሃን 30 ነው፤ ጥቁር ሰማያዊው ጥለት 6 ይልካል። ጨርቁ ከጥለቱ አምስት እጥፍ ስለሚበልጥ ጥለቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። የሸሚዙ ነጸብራቅ ሁለቱም ላይ 20 ይጨምራል። ጨርቁ 50፣ ጥለቱ 26 ሆነ። አሁን ልዩነቱ ወደ ሁለት እጥፍ ወርዷል፤ ዓይን የሚያየው ግራጫ ጭጋግ ነው። ነገር ግን በ50 እና በ26 መካከል ያለው ርቀት አሁንም 24 ነው፤ ከ30 እስከ 6 እንዳለው ሁሉ። ጥለቱ አልጠፋም፤ ከፍ ተደርጎ ተቀመጠ እንጂ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ቦታው ስለነጣ ያጨልመዋል። 50ውን ወደ 30 ለማውረድ በ0.6 ሲያባዛ ጥለቱ 15.6 ላይ ይቀራል፤ መሆን የነበረበት 6 ነው። ጨርቁ ልክ ሆነ፣ ጥለቱ ግን አሁንም አመድ እንደነካው ነው። ከሁለቱም ላይ 20 ሲቀነስ ግን 30 እና 6 ይመለሳሉ፤ የሸማኔው ሥራ ድርና ማጉ ሳይነካ ይወጣል።

ለዚህ ስሌት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ስልክና ካሜራ የሚያስቀምጡት ተራ የፎቶ ፋይል ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ከብርሃኑ ጋር እኩል አይራመዱም። ከ0 እስከ 255 ባለው መሰላል ላይ መሃል ያለችው 128 የምትወክለው የብርሃኑን ግማሽ ሳይሆን 22 ከመቶውን ገደማ ነው። በነዚህ ቁጥሮች ላይ መቀነስ ጨለማውን ክፍል ከልክ በታች፣ ብሩሁን ደግሞ ከልክ በላይ ይቀንሳል። ጂምፕ ከ2018ቱ 2.10 እትም ጀምሮ ብርሃኑን በትክክለኛ ልኩ የሚያሰላበት መንገድ አለው። ሌየሩ ላይ `Blend Space` ተከፍቶ `RGB (linear)` ይመረጣል። ከካሜራው የወጣው ራው ፋይል ካለ ደግሞ ከእሱ መነሳት ይሻላል፤ የተጨመቀ ፋይል ጨለማው ክፍል ላይ የሚያስቀረው ዝርዝር ጥቂት ነው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ከፎቶው በላይ ጥቁር የተሞላ አዲስ ሌየር ይደረጋል፤ ዘዴው `Subtract` ይሆናል። ጥቁር ማለት ዜሮ ስለሆነ ለጊዜው ምንም አይቀንስም። ከዚያ ሠሪው በዚያ ጥቁር ላይ፣ ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ሰፊ ብሩሽ፣ የሰውየውን ነጸብራቅ ብቻ ይስላል። ሸሚዙን በደብዛዛ ግራጫ፣ ፊቱን በደብዛዛ ቡናማ። በሣለ ቁጥር ከሥር ያለው ጭጋግ እየተገፈፈ ቀሚሱ ይወጣል።

ሰውን በብሩሽ መሳል ከባድ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ የፎከስ ርቀት ያግዛል። ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ምስሉ የሚታየው ከመስታወቱ ሁለት ሜትር በስተጀርባ እንዳለ ሆኖ ነው። ሌንሱ የተስተካከለው ከመስታወቱ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ለቆመው ቀሚስ ነው። ስለዚህ ቀሚሱ ጥርት ሲል ሰውየው ይደበዝዛል፤ ሸሚዙ ቁልፍም ስፌትም የለው፣ ለስላሳ የብርሃን ጉብታ ብቻ ነው። ለስላሳ ነገር በለስላሳ ብሩሽ ይሳላል። ጥርት ያለው ዝርዝር ሁሉ የቀሚሱ ስለሆነ ብሩሹ አይነካውም። ስልክ ግን ሁሉን ነገር ጥርት አድርጎ ስለሚያነሳ ይህ ዕርዳታ ይቀንሳል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ጠርዝ እንደ ስለት ሹል ሆኖ ይገኛል፤ ብሩሹም አነስ ብሎ ያንኑ ጠርዝ መከተል ይኖርበታል። ወፍራም መስታወት ላይ ደግሞ ሁለቱ ገጾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምስል ስለሚመልሱ ኮሌታው በትንሹ ተፈናቅሎ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ሁለቱም መሳል አለባቸው።

ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት የሚነግረው ራሱ ትዕይንቱ ነው። ጥለቱ ከነጸብራቁ ውስጥ ወጥቶ ነጻ ወደሆነው የቀሚሱ ክፍል ይዘልቃል። ሠሪው ያንኑ ሰማያዊ ክር ከውጭ ወደ ውስጥ ይከተለዋል። ክሩ ድንበሩን ሲያልፍ ቀለሙ ካልተቀየረ ልኩ ተገኝቷል። ክሩ ውስጥ ሲገባ ወደ ግራጫ ካደላ የቀነሰው አንሷል። ወደ ጥቁር ካደላና ድሩ ከማጉ የማይለይ ሆኖ ከተደፈነ በዝቷል። ከዜሮ በታች የወረደ ፒክስል ዜሮ ላይ ስለሚቆም፣ የተደፈነ ጥቁር ያለበት ቦታ ከልክ በላይ የተቀነሰበት መሆኑ ያስታውቃል።

አንድ ገደብ ግን በምንም ብልሃት አይታለፍም። ቀሚሱ ራሱ በአምፖል በርቶ 85 ቢልክና ሸሚዙ 20 ቢጨምርበት ድምሩ 105 ነው። ካሜራው ግን ከ100 በላይ መቁጠር አይችልም። 90 የሚልከው ጨርቅም 100፣ 85 የሚልከውም 100 ሆነው ተመዝግበዋል። ከሁለቱም 20 ሲቀነስ ሁለቱም 80 ይሆናሉ፤ ሽመናው የነበረበት ቦታ ልሙጥ ግራጫ ሰሌዳ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ላይ መቀነስ የሚመልሰው ነገር የለም። ገልብጦ መለጠፍ የሚፈቀድ ከሆነ ቦታው ይኸው ብቻ ነው፤ እሱም ጥለት የሌለበት ነጭ ጨርቅ ላይ ሲሆን። ጥለቱ ላይ ከሆነ ፎቶው ለሽያጭ አይሆንም፣ ቀሚሱ እንደገና መነሳት አለበት።

ለዜና የሚነሳ ፎቶ ደንቡ ከዚህም ይጠብቃል። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ በውድድሩ ሰውንም ሆነ ዕቃን ከፎቶ ውስጥ ማውጣትም ማስገባትም ይከለክላል። እዚያ ላይ ነጸብራቁን መቀነሱም ሆነ አራት ፎቶ ማዋሃዱ አይሠራም። የዜና ፎቶ አንሺ የቀረው ከማንሳቱ በፊት ቦታውን፣ ማዕዘኑንና ሰዓቱን መምረጥ ነው።

ሰዓቱን መምረጥ ደግሞ ለሱቅ ፎቶ አንሺውም ከጨርቅና ከኮምፒውተር በፊት የሚሞከር ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደየወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከጠለቀች በኋላ የመንገዱ ብርሃን ከ100,000 ሉክስ ወደ 400 ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያም በፍጥነት መቀነሱን ይቀጥላል። የሱቁ አምፖል ግን እንደበራ ነው፤ 500። ያኔ መስታወቱ ከነጩ ሸሚዝ የሚመልሰው ብርሃን 32 ሉክስ ያህል ነው፤ እኩለ ቀን ላይ በ16 እጥፍ ይበልጥ የነበረው ሸሚዝ ከነጠላው በ15 እጥፍ ያነሰ ሆኗል። ሰማዩ ገና ሙሉ በሙሉ ስላልጨለመ የሱቁ ግንባርና ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳም ይታያሉ። ሐሩራማ አገር ላይ ይህ ጊዜ ቶሎ ያልፋል፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማቆሚያው የሚተከለው፣ ፎከሱ የሚስተካከለውና የሱቁ ባለቤት አምፖሉን እንዲያበራ የሚነገረው ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ነው።